የተሰነጠቀው ሲኒ በማን ሂሳብ?

በሲኒ ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም ስብራት እኩል አይደለም። በጀሶ ሻጋታ ቅርጽ ይዞ የደረቀ ሲኒ እቶን ሳይገባ ቢሰበር ስባሪው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ተመልሶም ጭቃ ይሆናል። የባከነው ቅርጽ ያወጣለት ሠራተኛ ጉልበትና ጊዜ ነው። ሠራተኞቹ ኪልን ከሚሉት እቶን ተሰንጥቆ የወጣ ሲኒ ግን መመለሻ የለውም። እሳት ያገኘው ሸክላ ዳግም ጭቃ አይሆንም። አፈሩም፣ የሚያብለጨልጨው ቅብም፣ ኤሌክትሪኩም፣ ደመወዙም አብረውት ሄደዋል።

ገንዘቡ ግን ወጥቷልና በመዝገብ ላይ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። ማረፊያው ደግሞ ሁለት ነው። ወይ በደህና የወጡት ሲኒዎች ተካፍለው ይሸከሙታል፣ ወይ የወሩ ኪሳራ ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ብልሽቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ መደበኛ ብልሽት ነው ወይስ ከመደበኛ ውጭ የሆነ የሚለው ጥያቄ ነው። ኮስት አካውንቲንግ የተማሩ ሰዎች ኖርማል እና አብኖርማል ስፖይሌጅ የሚሏቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የሂሳብ ባለሙያውና የእቶን ኃላፊው ሲገናኙ ግን የወሩ ትልቁ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን ለመረዳት ደግሞ የአንድ ወር ሂሳብን እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ አሠራሩ ግን በማንኛውም እንዲህ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ያው ነው።

ሲኒ እንደ ሳሙና፣ እንደ ስሚንቶ፣ እንደ ቢራ ሁሉ አንዱ ከሌላው ሳይለይ በብዛት የሚመረት ነገር ነው። እያንዳንዱ ሲኒ ስንት እንደፈጀ ማንም አይመዘግብም። ስለዚህ ወጪው የሚሰበሰበው በክፍል ነው፤ የቅርጽ ክፍሉ የራሱን፣ የእቶን ክፍሉ የራሱን። በወሩ መጨረሻ የክፍሉ ወጪ ክፍሉ ለሠራው ሥራ ይካፈላል። ፕሮሰስ ኮስቲንግ የሚባለው ይህ ነው።

የእኛ የእቶን ክፍል በወሩ ውስጥ ከቅርጽ ክፍል 20,000 የደረቁ ሲኒዎች ተረከበ እንበል። እያንዳንዱ እዚህ እስኪደርስ 12 ብር ፈጅቷል፤ በድምሩ 240,000 ብር ነው። የእቶን ክፍሉ ደግሞ ለቅብ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለደመወዝና ለእቶኑ እርጅና 152,000 ብር አወጣ። እንግዲህ ክፍሉ መልስ የሚሰጥበት ገንዘብ 392,000 ብር ነው።

ወሩ ሲዘጋ ቆጠራ ተደረገ። 16,000 ሲኒዎች ፍተሻውን አልፈው ወደ ማሸጊያ ተላኩ። 2,000 ሲኒዎች ተሰንጥቀው ወይም ጠመው ተጣሉ። የቀሩት 2,000 ገና እቶን ውስጥ ናቸው፤ ከሥራው ግማሹ ተሠርቶላቸዋል። ፍተሻው የሚደረገው ሲኒው ከእቶን ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ማለትም በክፍሉ ሥራ መጨረሻ ላይ ነው። ለነገሩ ቀላልነት ከባለፈው ወር የተላለፈ ያላለቀ ሲኒ የለም፤ ቅብንም ከእሳቱ ጋር እኩል እየገባ የሚሄድ ወጪ አድርገን ወስደነዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ የአንድን ሲኒ ወጪ ማግኘት ነው። በቅርጽ ክፍሉ በኩል ችግር የለም፤ ያለቀውም፣ የተሰነጠቀውም፣ እቶን ውስጥ ያለውም 12 ብሩን ይዞ ነው የመጣው። የእቶኑን 152,000 ብር ግን ለ20,000 እኩል ማካፈል አይቻልም፤ ግማሽ ሥራ የተሠራለት ሲኒ ሙሉ ድርሻ መውሰድ የለበትም። ስለዚህ እቶን ውስጥ ያሉት 2,000 እንደ 1,000 ያለቁ ሲኒዎች ይቆጠራሉ። የተሰነጠቁት 2,000 ግን ሙሉ ይቆጠራሉ፤ ስንጥቃቸው የታየው ሙሉውን እሳት ከበሉ በኋላ ነውና። 16,000፣ 2,000 እና 1,000 ሲደመሩ 19,000 ተመጣጣኝ ምርት ይሆናል። 152,000 ብር ለ19,000 ሲካፈል 8 ብር ነው። እንግዲህ በእቶን ያለፈ አንድ ሲኒ፣ ደህናም ሆነ የተሰነጠቀ፣ 20 ብር ፈጅቷል።

ይህ እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። የተሰነጠቀውን ከቆጠራው አውጥተው ወጪውን በቀሩት ላይ ያከፋፍላሉ፤ አጭር መንገድ ይመስላቸዋል። በእኛ ምሳሌ እንዲህ ቢደረግ 240,000 ብሩ ለ18,000፣ 152,000 ብሩ ለ17,000 ይካፈላል፤ የአንድ ሲኒ ወጪም ወደ 22 ብር ከ27 ሳንቲም ይወጣል። እቶን ውስጥ ያሉት 2,000 ሲኒዎች በትክክለኛው መንገድ 32,000 ብር የሚያወጡ ሲሆኑ በዚህ ስሌት ወደ 35,600 ብር ገደማ ይደርሳሉ። ገና ያልተፈተሹ፣ ስንቶቹ እንደሚሰነጠቁም ያልታወቀ ሲኒዎች የሌሎችን ስብራት ዕዳ ተሸከሙ ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ብልሽቱ ከሪፖርቱ ላይ ጨርሶ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲያነብ የሚያየው ሲኒ እንደተወደደ ብቻ ነው፤ ለምን እንደተወደደ የሚነግረው መስመር የለም።

አሁን ወደ 2,000ዎቹ እንመለስ። ሁሉም እኩል 20 ብር ፈጅተዋል፤ በድምሩ 40,000 ብር ነው። ፋብሪካው ባለፈው ልምዱና በእቶኑ ዓይነት ላይ ተመሥርቶ፣ ሥራው በደንብ በሚካሄድበት ጊዜ ከ100 ደህና ሲኒዎች ጋር 5 የተበላሹ እንደሚወጡ ወስኗል። ይህ 5 በመቶ የሚሰላው በደህና በወጡት ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። 16,000 ሲኒዎች ደህና ስለወጡ መደበኛው ብልሽት 800 ነው። የቀሩት 1,200 ከመደበኛ ውጭ ናቸው።

ስሌቱ ለምን በደህናዎቹ ላይ ሆነ? በገቡት 20,000 ላይ ብናሰላው መደበኛው 1,000 ይሆን ነበር። ነገር ግን ከነዚያ ውስጥ 2,000 ገና አልተፈተሹም፤ ስለ እነሱ ብልሽት መናገር አይቻልም። በተፈተሹት 18,000 ላይ ብናሰላው ደግሞ 900 ይመጣል። ከ18,000ው ውስጥ ግን ያልተገቡ ስብራቶች አሉ፤ ስብራት በበዛ ቁጥር ደህናው ሳይጨምር «መደበኛ» የሚባለው ቁጥር አብሮ ሊያብጥ ነው። አጥፊው በጥፋቱ ልክ ተጨማሪ ፈቃድ እንደሚያገኝ ያህል ይሆናል። መደበኛ ብልሽት ደህና ሲኒ ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ከሆነ መለኪያው የተገኘው ደህና ሲኒ መሆን አለበት።

እንግዲህ ገንዘቡ ቦታ ቦታውን ይይዛል። የ800ዎቹ 16,000 ብር በ16,000 ደህና ሲኒዎች ላይ ይጨመራል፤ ለእያንዳንዱ 1 ብር ይደርሰዋል። ወደ ማሸጊያ የሄደው አንድ ሲኒ ወጪው 21 ብር ሆነ፤ በድምሩ 336,000 ብር። የ1,200ዎቹ 24,000 ብር ከመደበኛ ውጭ የሆነ ብልሽት ኪሳራ ተብሎ በወሩ ወጪ ውስጥ ይጻፋል። እቶን ውስጥ ያሉት 32,000 ብር ይዘው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራሉ። ሦስቱ ሲደመሩ 392,000 ብር ናቸው፤ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ተገኝቷል። በመዝገቡ ላይ የእቶን ክፍሉ ሂሳብ በ360,000 ብር ክሬዲት ይደረጋል፤ የማሸጊያ ክፍሉ 336,000፣ የኪሳራ ሂሳቡ 24,000 ብር ዴቢት ይሆናሉ።

እቶን ውስጥ ያሉት 2,000 ከመደበኛው ብልሽት ምንም ያልደረሳቸው ፍተሻው ላይ ስላልደረሱ ነው። ፍተሻው ከመጨረሻው ይልቅ ከሥራው መጀመሪያ አካባቢ ቢሆን ኖሮ እነሱም አልፈውት ይሆን ነበርና ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። የተጣለውም ሲኒ የሚቆጠረው እስከ ፍተሻው ድረስ በፈጀው ልክ ብቻ ይሆናል። ፍተሻ የሚደረግበት ቦታ ሂሳቡን የሚቀይረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለፋብሪካው ደግሞ ከሂሳብም በላይ ነው። ሲደርቅ የተፈጠረ ስንጥቅ እቶን ከመግባቱ በፊት ቢታይ አፈሩ ወደ ጭቃ ይመለሳል፣ 8 ብሩም አይወጣም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከእሳት በፊት የሚቆም አንድ ፈታሽ ሠራተኛ ቆጥበው ከእሳት በኋላ ብዙ ያጣሉ።

ወደ ክርክሩ ልምጣ። 1,200ዎቹ ለምን ከመደበኛ ውጭ ተባሉ? የእቶን ኃላፊው እንዲህ ይላል፦ «እሳት ባለበት ስንጥቅ አይጠፋም። መብራት በየወሩ ይሄዳል፤ እኔ ምን ላድርግ? ይህም የሥራው ጠባይ ነው።» የሂሳብ ባለሙያዋ ደግሞ 5 በመቶ ተብሎ የተወሰነውን ይዛለች። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። መልሱ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ አይገኝም፤ ሲኒውን እጅ ላይ ይዞ ማየት ይጠይቃል።

ስንጥቁ ራሱ ይናገራል። ሲኒው ገና ሲሞቅ ከተሰነጠቀ ቅቡ የሚቀልጠው ከስንጥቁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የስንጥቁ ጠርዝ ላይ ቅቡ ቀልጦ ይከበባል፣ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። ሲኒው ሲቀዘቅዝ ከተሰነጠቀ ግን ቅቡ ቀልጦ ከጠነከረ በኋላ ነውና ጠርዙ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ስለታም ነው፤ ጣት ይቆርጣል። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በደንብ ያልደረቀ፣ ሲደርቅ የተጎዳ ወይም ቶሎ የሞቀ ሲኒ ምልክት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከአቀዘቃዘዙ የመጣ ነው። በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በድንገት መጠኑን ይቀይራል፤ እቶኑ በዚያ ቦታ በፍጥነት ከቀዘቀዘ ወይም በሩ ያለ ጊዜው ከተከፈተ የሲኒው አንዱ ወገን ሲኮማተር ሌላው ይቀራል፣ ሲኒውም ይሰነጠቃል።

በምሳሌያችን ከተጣሉት አብዛኞቹ ጠርዛቸው ስለታም ሆኖ ቢገኝ፣ የእቶኑ መዝገብም መብራት የሄደው በማቀዝቀዣው ሰዓት እንደነበረና ሠራተኞቹ ቀጣዩ ጭነት እንዳይዘገይ በሩን ቀድመው እንደከፈቱት ቢያሳይ ነገሩ ተፈታ። ሲኒውን የሰነጠቀው በሩ ነው እንጂ የመብራት መሄድ ብቻውን አይደለም። በሩን መክፈት ደግሞ ሰው የሚወስነው፣ ሰው የሚከለክለው ነገር ነው። ከመደበኛ ውጭ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ሥራው በደንብ ቢካሄድ የማይደርስ ብልሽት።

የኃላፊው ክርክር ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። መብራቱ በእውነት በየወሩ የሚሄድ ከሆነና ጄኔሬተር ገዝቶ ማቆም ከሚድነው ሲኒ በላይ ዋጋ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ፋብሪካው አውቆ የተቀበለው ብልሽት ሆነ ማለት ነው። ያኔ ያንን መጠን አጥንቶ በመደበኛው ውስጥ ማስገባት ያስኬዳል። እኔ ግን ድግግሞሽ ብቻውን መደበኛ ያደርጋል የሚለውን አልቀበልም። በየወሩ የሚደጋገም ግድየለሽነት ግድየለሽነት ነው። መጠየቅ ያለበት «ስንት ጊዜ ሆነ?» ሳይሆን «ባለው እቶንና ባለው አፈር፣ ሥራውን እንደሚገባው ብንሠራ ይቀር ነበር ወይ?» የሚለው ነው። የሚቀር ከሆነ በሲኒው ዋጋ ላይ መጫን የለበትም።

ይህ የባለሙያዎች ምርጫ ብቻም አይደለም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2፣ ስለ ዕቃ ክምችት የሚደነግገው፣ በአንቀጽ 16 ከመደበኛ ውጭ የባከነ ጥሬ ዕቃ፣ ጉልበትና ሌላ የማምረቻ ወጪ በክምችት ዋጋ ውስጥ እንዳይገባና በተከሰተበት ዘመን ወጪ እንዲሆን ያዛል። የአሜሪካ ደረጃ አውጪዎችም በ2004 እ.ኤ.አ. ደንባቸውን በዚሁ መንፈስ አስተካክለዋል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የፋይናንስ ሪፖርት ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን እንዲከተል ስለተወሰነ፣ ይህ ደንብ እንደ ሲኒ ፋብሪካችን ላለ ድርጅትም የቅርብ ነገር ነው።

ደንቡ የሚከላከለው ምን እንደሆነ በእኛው ቁጥር ይታያል። የሂሳብ ባለሙያዋ ለክርክሩ ተሸንፋ 2,000ውንም መደበኛ ብላ ብትጽፍ 40,000 ብሩ በሙሉ በደህናዎቹ ላይ ይወድቃል፤ ሲኒው 21 ብር መሆኑ ቀርቶ 22 ብር ከ50 ይሆናል። ከ16,000ዎቹ ውስጥ 10,000ው ተሽጦ 6,000ው መጋዘን ውስጥ ቢቀር፣ በእያንዳንዱ ላይ ያለው ትርፍ 1 ብር ከ50 ተደምሮ 9,000 ብር ይሆናል። የተሰነጠቀ ሲኒ ኪሳራ የነበረው ይህ ገንዘብ አሁን በሀብት ዝርዝር ውስጥ እንደ ንብረት ተጽፎ ይታያል። የወሩ ትርፍ በዚያው ልክ ያማረ ይመስላል፤ ባንኩም ባለአክሲዮኑም ያንን አይቶ ይወስናል። የሽያጭ ክፍሉ ደግሞ 22 ብር ከ50ን የሲኒ እውነተኛ ወጪ ነው ብሎ ዋጋ ቢያወጣ በአንድ ወር ስህተት የተነሳ ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

ስለተጣለው ሲኒ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ የጠመመ ወይም ቅቡ ላይ ነጥብ ያለው ሲኒ ሁልጊዜ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። 2,000ዎቹ እያንዳንዳቸው በ4 ብር ተሸጡ እንበል። የ800ዎቹ 3,200 ብር ከመደበኛው ብልሽት ወጪ ይቀነሳል፤ ደህናው ሲኒ የሚሸከመው ከ1 ብር ወደ 80 ሳንቲም ይወርዳል። የ1,200ዎቹ 4,800 ብር ደግሞ ከኪሳራው ይቀነሳል፤ ኪሳራው 19,200 ብር ይሆናል። ገንዘቡን እንዳለ በሽያጭ ገቢ ውስጥ መጻፍ ግን ስህተት ነው። እንዲያ ሲደረግ ብልሽት እንደ ምርት መሸጥ ይጀምራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲኒ በበዛ ቁጥር የሽያጭ ሪፖርቱ ይደምቃል።

አንድ ሰው ወደ ፋብሪካው መዝገብ ገብቶ ይህ ሥራ በትክክል እየተሠራ መሆኑን ማወቅ ቢፈልግ የማየው ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የመደበኛ ብልሽቱ መቶኛ መቼ እንደተወሰነ ነው። ወሩ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ የተፈረመ ከሆነ መለኪያ ነው፤ ቆጠራው ካለቀ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ቁጥሩ የተሰበረውን ተከትሎ የተሰፋ ነው። ሁለተኛው ከመደበኛ ውጭ የሚለው መስመር ነው። ለብዙ ወራት ዜሮ የሚያሳይ መስመር ካየሁ ፋብሪካው ፍጹም ሆኖ ሳይሆን መደበኛ የተባለው መቶኛ ሁሉን እንዲውጥ ሆኖ የተቀመጠ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዳንድ ወር ብልሽቱ ከመደበኛውም ያነሰ መሆን አለበት፤ እሱም እንዲሁ በግልጽ መታየት ይገባዋል።

የፋብሪካ ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ፣ የሚቀጥለው የወሩ ሪፖርት ሲቀርብልዎ የአንዱን ዕቃ ወጪ ከማየትዎ በፊት የተጣለው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ መደበኛው ስንት እንደሆነና መቶኛውን ማን፣ መቼ እንደወሰነው ይጠይቁ። የእቶን ኃላፊውና የሂሳብ ባለሙያዋም ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት የተሰነጠቁትን ሲኒዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አብረው ይዩአቸው።